መልስ፦ አራት ቁጥር በሦስት እርምጃ

«ደብረ ማርቆስ ተማሪ ነኝ። ቡሬ ካለ የበቆሎ መጋዘን የሚመጣ የአራት ሴንሰር ንባብ ኤፍፒጂኤ ቺፕ ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ፈልጌ ነበር። ያለ ሉፕ ይቻላል?»

ይቻላል ወንድሜ፣ ሉፑን እርሳው። የሚያስፈልግህ ሁለት ቁጥር ተቀብላ ትንሹን ከላይ፣ ትልቁን ከታች የምታወጣ አነጻጻሪ ሰርኪዩት ናት። አምስት ይበቁሃል፦

```
(1,2) (3,4)
(1,3) (2,4)
(2,3)
```

በቅንፍ ያሉት ቁጥሮች የሚነጻጸሩት ሽቦዎች ተራ ናቸው፣ እያንዳንዱ መስመር አንድ እርምጃ ነው። 8 3 5 1 ቢገባ መጀመሪያ 3 8 1 5 ይሆናል፣ ቀጥሎ 1 5 3 8፣ በመጨረሻ 1 3 5 8። አንድ መስመር ላይ ያሉት ጥንዶች የሚጋሩት ሽቦ ስለሌለ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ እኩል ይሠራሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚነጻጸር ደግሞ ቀድሞ በሽቦው ተወስኗል፣ ቁጥሮቹ ምንም ቢሆኑ አይቀየርም፤ ስለዚህ የሚፈጀው ጊዜ ሁሌም ያው ነው። በየእርምጃው መሀል ሬጅስተር ካስገባህ በየክሎኩ አዲስ አራት ንባብ መላክ ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የመጨረሻዋን (2,3) ብትረሳት 1 2 3 4 አስገብተህ ስትሞክር ልክ ይመስላል፣ 8 3 5 1 ላይ ነው የሚያጋልጥህ። ሁሉንም ቁጥር መሞከር ግን አይጠበቅብህም፦ 0 እና 1 ብቻ ይዘህ 16ቱንም አሰላለፍ አስገባ፤ እነሱን በትክክል ከደረደረ የትኛውንም ቁጥር ይደረድራል። ይሄ የተረጋገጠ ቲዎረም ነው።

ሴንሰሩ ቢበዛ ኬን ባቸር እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን የኦድ-ኢቭን ሜርጅ መደርደሪያ ዘዴ ተጠቀም። ለ16 ግብዓት 63 አነጻጻሪ በ10 እርምጃ ይፈልጋል፣ ፍጥነቱ አሪፍ ነው፣ ቺፑ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን ቶሎ ያብጣል።