መንስኤ ያለው ጥፋትና ወቀሳ

«ምርጫችን ሁሉ ቀድሞ በነበረ መንስኤ የሚመጣ ከሆነ፣ ሰውን መውቀስ ምን ትርጉም አለው?»

አለው ባይ ነኝ። ሁለት ሹፌሮችን አስብ። አንዱ እየነዳ ሳለ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል በሽታ ተነሳበት። ሌላው ስልኩ ላይ መልእክት ይጽፍ ነበር። ሁለቱም እግረኛ ገጩ። የሁለቱም ጥፋት መንስኤ አለው፤ የምንወቅሰው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ለምን? ትራፊክ ፖሊስ ቢያይ ኖሮ ስልኩን ያስቀምጥ ነበር። አእምሮው ምክንያት ሰምቶ ይታረማል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ግን ፖሊስም ተግሣጽም አያቆመውም። ወቀሳም ራሱ አንድ መንስኤ ነው፤ ነገ ስልኩን ሊያነሳ ሲል እጁን ሊይዘው ይችላል።

እኔን የሚከብደኝ ሌላ ነገር ነው፦ ማንንም የማይጠብቅ፣ ምንም የማያስተካክል ቅጣት «ይገባዋል» ማለት። ሰውየው አስተዳደጉንም አንጎሉንም አልመረጠም። እዚህ ላይ ጥያቄህ ልክ ነው፤ እስካሁን የሚያሳምን መልስ አላገኘሁለትም።