ካትስ፣ ዶግዝ፣ ባሲዝ፦ የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር መድረሻ መሠረቱ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የእንግሊዝኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ሲጻፍ ያው አንድ ኤስ ነው። ሲነገር ግን ካትስ፣ ዶግዝ፣ ባሲዝ ይባላል። ሦስቱን የሚያስተሳስር ሕግ አለ ወይስ ቃል በቃል መሸምደድ ነው? መሠረቱስ ስ ነው ዝ?»

መልስ፦ መሠረቱ ዝ ነው። በየመጽሐፉ «ስ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ዝ ይለወጣል» እየተባለ ሲጻፍ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ አስተያየት ከዓይን የመጣ ነው፤ ፊደሉ ኤስ ስለሆነ ድምፁም ስ መሆን አለበት ከሚል። ቋንቋ ግን መጀመሪያ የጆሮ ነው።

እንግሊዝኛ ፒስ (ሰላም) እና ፒዝ (አተር) የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሲንስ (ከዚያ ወዲህ) እና ሲንዝ (ኃጢአቶች) የሚሉም አሉት። ስለዚህ ከአናባቢም ሆነ ከን በኋላ «ስ» እና «ዝ» ሁለቱም ያለ ችግር ይቆማሉ። መሠረቱ ስ ቢሆን ኖሮ «ሲን» ላይ ስ ተጨምሮ ሲንስ ብሎ መቅረት ይችል ነበር፤ ወደ ዝ እንዲለወጥ የሚያስገድደው ነገር የለም። ከትና ከክ በኋላ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቀለም መጨረሻ ላይ ትዝ ወይም ክዝ ብሎ አይዘጋም። ዝ ብለን ከተነሣን ወደ ስ የሚለወጥበት ምክንያት በግልጽ ይታያል፤ ስ ብለን ከተነሣን ግን ወደ ዝ ለሚደረገው ለውጥ ምክንያት እናጣለን።

አተርን ካነሣሁ አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። ፒዝ ከላቲን የተወረሰ ነጠላ ስም ነበር፤ እኛ «ጤፍ» እንደምንለው በጅምላ የሚጠራ። ተናጋሪዎቹ ግን መጨረሻው ላይ ያለውን ዝ የብዙ ቁጥር ምልክት መሰላቸውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆርጠው ጣሉት፤ «ፒ» የሚል አዲስ ነጠላ ተወለደ። ከአናባቢ በኋላ ዝ ሲሰሙ «ይህ ብዙ ቁጥር ነው» ማለታቸው፣ ፒስን ግን ማንም ቆርጦ ነጠላ አለማውጣቱ፣ ለእኔ ከብዙ ክርክር ይበልጣል።

አሁን ወደ ሕጉ። መድረሻው ዝ ከሆነ የሚያስፈልጉት ሁለት እርምጃዎች ብቻ ናቸው። አንደኛ፣ ግንዱ ከፉጨታም ድምፆች (ስ፣ ዝ፣ ሽ፣ ዥ፣ ች፣ ጅ) በአንዱ ካለቀ፣ በግንዱና በመድረሻው መካከል አጭር አናባቢ ይገባል፤ ሁለት ፉጨት ከተጣበቀ ጆሮ መድረሻውን ለይቶ አይሰማውምና። ሁለተኛ፣ ዝ ከኢነዛሪ ድምፅ፣ ማለትም እንደ ትና ክ ጉሮሮ ሳይነዝር ከሚወጣ ድምፅ፣ ጎን በቀጥታ ከተቀመጠ እሱም ኢነዛሪ ሆኖ ስ ይሆናል።

ዶግ ላይ ዝ ሲጨመር ግ ፉጨታም አይደለም፣ ኢነዛሪም አይደለም፤ ሁለቱም ሕጎች አልፈውት ዶግዝ ይላል። ካት ላይ አንደኛው ሕግ አይሠራም፤ ሁለተኛው ሠርቶ ካትስ ይሆናል። ባስ ላይ አንደኛው ሕግ አናባቢ ያስገባና ባሲዝ ይላል። ሁለተኛው ሕግ ሲደርስ ዝ የሚጎራበተው ከስ ጋር ሳይሆን ከአናባቢ ጋር ስለሆነ የሚለውጠው ነገር አያገኝም። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠው መጀመሪያ ባስ+ዝ ወደ ባስ+ስ ይለወጣል፣ ከዚያ አናባቢው ሲገባ «ባሲስ» ይወጣል። እንዲህ የሚል እንግሊዛዊ የለም። ስለዚህ ሕጎቹን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ተራቸውም የሕጉ አካል ነው። ዲሺዝ፣ ቸርቺዝ፣ ብሪጂዝ በዚሁ መንገድ ይወጣሉ። የባለቤትነት መድረሻውና የሦስተኛ መደብ ግሥ መድረሻውም ለዚሁ ሕግ ይገዛሉ።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ይቃወመኛል፦ «አናባቢው አልገባም፤ ድሮ የነበረ ነው።» ልክ ነው፣ በታሪክ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ድንጋይ «ስታን»፣ ብዙ ቁጥሩ «ስታናስ» ነበር። አናባቢው እየደከመ ሄዶ መድረሻው «-እስ» ሆነ፣ ቀለሙ አጽንኦት ስለሌለው ስ ወደ ዝ ላላ፣ በመጨረሻም አናባቢው ከየቦታው ወድቆ ከፉጨታም ድምፅ በኋላ ብቻ ተረፈ። ነገር ግን ዛሬ አፍ የሚፈታ ሕፃን ይህን ታሪክ አያውቅም። በ1958 የቋንቋ ተመራማሪዋ ጂን በርኮ ለሕፃናት የፈጠራ እንስሳ ሥዕል እያሳየች «ይህ ዋግ ነው፤ አሁን ሁለት ሆኑ፤ ሁለት ምን?» ብላ ስትጠይቅ አብዛኞቹ «ዋግዝ» አሉ። ቃሉን ከዚያ በፊት አልሰሙትም። «ታስ» በሚል ፈጠራ ስትመጣባቸው ግን ብዙዎቹ ምንም ሳይጨምሩ «ሁለት ታስ» ብለው ቀሩ፤ መጨረሻው ፉጨት ስለሆነ ያለቀ ብዙ ቁጥር መስሏቸዋል። አናባቢ የሚያስገባው ሕግ ዘግይቶ የሚለመድ ነው።

«ሕፃናቱ በሚያውቁት ቃል አምሳያ ነው የመለሱት» ለሚል ደግሞ የቋንቋ ሊቁ ሞሪስ ሃሌ ያነሣው የባኽ ጉዳይ አለ። የጀርመናዊው የሙዚቃ ሰው ስም በኽ ያልቃል፤ ይህ ድምፅ በመደበኛው እንግሊዝኛ የለም። ስሙን በኽ አሳምሮ የሚጠራ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ብዙ ቁጥር ሲያደርገው ያለ ጥርጥር «ባኽስ» ይላል። በሽምደዳ ዝርዝር ውስጥ ኽ ሊኖር አይችልም። ተናጋሪው የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን ነዛሪ መሆን አለመሆኑን ነው።

ሕጉ መድረሻውን እንጂ ግንዱን አይገዛም። ናይፍ «ናይቭዝ» የሚሆነው ግንዱ አስቀድሞ ፍን ወደ ቭ ስለለወጠ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝ በቦታው ትክክል ነው። ሩፍ ግን ግንዱን ሳይለውጥ ሩፍስ ይላል። ሃውስ ሃውዚዝ ሲሆንም የመጀመሪያው ዝ የግንዱ ለውጥ ነው። የትኛው ግንድ እንደሚለወጥ መሸምደድ ግድ ነው፤ ከዚያ የሚከተለው መድረሻ ግን በሕግ ይገኛል።

ለመናገር የሚቸገር ካለ አንድ ነገር ልንገር። እንግሊዞች ራሳቸው በቃል መጨረሻ ላይ ዝን ሙሉ በሙሉ አያነዝሩትም። ፒዝን ከፒስ የሚለየው በአብዛኛው የአናባቢው ርዝመት ነው፤ ከዝ በፊት አናባቢው ይረዝማል፣ ከስ በፊት ያጥራል። አናባቢውን በደንብ ሳብ አድርጎ የለቀቀ ሰው ዝ ባይሳካለት እንኳ በትክክል ይሰማል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን በራሳችን ፊደል የምንጽፈው ነው። ቺፕስ ትክክል ነው፤ ፕ ኢነዛሪ ናትና። ጂንስ ግን በእንግሊዝኛው አፍ «ጂንዝ» ነው። ወንዝ የሚል አፍ ጂንዝ ማለት አያቅተውም፤ ስ ያደረግነው ጽሕፈቱን በዓይን አንብበን ነው። በእኔ ምርጫ ጂንዝ ተብሎ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፤ ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ሆኖም ገበያው፣ ልብስ ሰፊውና ጋዜጣው ጂንስ ብለዋል፤ በላዩ ላይም የራሳችንን -ኦች ጨምረው «ጂንሶች» እያሉ ያበዙታል። ስ የግንዱ አካል ሆናለች ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛው ሕግ ከእንግዲህ አያገኛትም።