ድስቱ ወይስ ያረደው ሰው? ስለ እንግዶች ምግብ ከጅማ የተነሱ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የድግስ ወጥ ስሠራ ነው የኖርኩት። ከሠርግ እስከ ተዝካር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ያልተቀላቀለበት ድግስ እምብዛም አይገጥመኝም። የማውቀውን እመልሳለሁ። የሃይማኖቱን ፍርድ ግን ለሼኾቹና ለቄሶቹ እተወዋለሁ።

እትዬ፣ እሑድ ልጄን ልድር ነው። ወደ 120 ሙስሊም እንግዶች አሉን። በግ ገዝቼ በአዲስ ድስት ለብቻ ብሠራላቸው ይበቃል?

አይበቃም የኔ እህት። ድስቱ ከሱቅ ዛሬ ቢወጣም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አረደው?» ነው። ስለዚህ በጎቹን በቁማቸው ለምታምኛቸው ሙስሊም ጎረቤቶች አስረክቢ። እነሱ ይረዱ፣ የእነሱ ሴቶች ይሥሩ፣ ከተቻለም በእነሱ ግቢ ይሠራ።

ለአንድ ሰው ከነአጥንቱ ሩብ ኪሎ ብትይ 30 ኪሎ ነው። ደህና በግ ተገፎ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይወጣዋል። ሦስት በግ ይበቃሻል ማለት ነው። ሽንኩርቱንና በርበሬውን አብረሽ ስጪ። ቅቤውን ግን ሳታነጥሪ ላኪ። አንቺ ካነጠርሽው፣ ያነጠርሽበት ድስት ትናንት ምን ተሠርቶበት እንደነበር ሊያሳስባቸው ይችላል። የገበያ ቅቤ ከሆነ ራሳቸው ያነጥሩታል።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ማብሰሉ ላይ አይደለም፣ ማስተናገዱ ላይ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሰው ይግተለተላል፣ በአንዱ በኩል ወጥ ያልቃል፣ አንዷ አስተናጋጅ ከወዲያኛው ድስት ጭልፋ ትበደራለች። ያ ጭልፋ አንዴ ከገባ ድስቱ በሙሉ ተበላሸ። ያደረገችው ልጅም አትናገርም፣ ትፈራለች። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ በየድስቱ አንድ ሰው ይቀመጣል፣ ጭልፋው ከእጁ አይወጣም፣ ወጥ ሲያልቅ አለቀ ይባላል እንጂ ከወዲያ አይቀዳም። የኪራይ ሳህን ከሆነ ደግሞ ለሙስሊሞቹ የሚሄደው አስቀድሞ ተለይቶ ይታጠብ። ኪራይ ቤቱ ሲመልሱት ማን ምን እንደበላበት አይጠይቅም።

እንግዶቹ ሲቀመጡ አንድ የተከበሩ ሙስሊም ሽማግሌ «ያረድነው እኛ ነን» ይበሉ። አንቺ ብትናገሪው ያን ያህል አያሳምንም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። አከራዬ ክርስቲያን ናቸው፣ ድስት ያውሱኛል። የክርስቲያን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር መታጠብ አለበት ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሰባቱም አፈሩም አለ፣ ግን ውሻ ለላሰው ዕቃ ነው። የሰፈራችን ሼኽ እንደነገሩኝ ስለ አህለል ኪታብ፣ ማለትም ስለ ክርስቲያንና ስለ አይሁድ ዕቃ የመጣው ሐዲስ ሌላ ነው። ሌላ ዕቃ ካለህ በነሱ አትብላ፣ ከሌለህ አጥበህ ብላበት ይላል። እኔ ክርስቲያን ነኝና ከዚህ በላይ አልደፍርም።

*(አንድ አንባቢ)፦ ትክክል ነው እትዬ። ሰባቱን ለአሳማም የሚያደርጉ ዑለማዎች ግን አሉ፣ እሱንም ልብ በሉት።*

እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ዕቃው ዓይነት ልጨምር። አልሙኒየም፣ ብርጭቆ፣ ልባጡ ያልተነሳ የሸክላ ሳህን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠራል። የጭቃ ድስትና እንጨት ግን ይመጥጣሉ፣ ስቡን ወደ ውስጥ ይጠጡታል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 ላይም ለኃጢአት መሥዋዕቱ የተቀቀለበት የጭቃ ዕቃ ይሰበር፣ የናሱ ግን ይፈግ፣ ይታጠብ ተብሏል። የጥንት ሰዎችም ጭቃ እንደሚይዝ ያውቁ ነበር።

አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። በሁዳዴ አንድ እንግዳ ሽሮ አዘዘኝ፣ በዘይት ሠራሁለት። «ቅቤ ይሸታል» ብሎ ተወው። እኔ ጠብታ ቅቤ አልጨመርኩም! ሰበብ ፈልጎ ይሆን?

ሰበብ አይመስለኝም። በጭቃ ድስት አይደል የሠራሽው? በሌላው ቀን በዚያው ድስት በቅቤ ትሠሪ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

እንዲህ አድርገሽ እይው። ድስቱን አጥበሽ ንጹሕ ውኃ አፍዪበት፣ አውርደሽ አቀዝቅዢው። ላዩ ላይ ክብ ክብ የቅባት ነጠብጣብ ከተንሳፈፈ ቅቤው ከግድግዳው እየወጣ ነው። ነጠብጣብ ባይኖርም ትኩስ እያለ አሽትቺው። ደጋግመሽ ብታፈዪው ይቀንሳል እንጂ የሚያልቅ አይመስለኝም። ለጾም አዲስ ድስት ግዢ፣ ፍስክ ሲገባም ለሌላ አታውሺው።

ከድስቱ ባሻገር ሁለት ቦታ ተመልከቺ። አንዱ መክተፊያው ነው። ቢላ የጫረበት ውስጥ ሥጋ ይቀራል፣ ሽንኩርቱ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው የዘይቱ ጠርሙስ ነው። እንቁላል የተጠበሰበትን ዘይት አጥልለው መልሰው የሚገለብጡ ልጆች አሉ። ቁጠባ መስሏቸው ነው፣ እንግዳው ግን ጾሙን ይገድፋል።

የጾሙን ድስት የምትለዪበትን ምልክት በቀለም አታድርጊ፣ በሙቅ ውኃ ይለቃል። በእጀታው ላይ ሽቦ ጠምጥሚበት፣ ወይም በምስማር ጫር አድርጊበት።

እኔ ወሎዬ ነኝ፣ ጅማ የመጣሁት ለሥራ ነው። እኛ ጋ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይበላል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ሰውን መለያየት አይሆንም?

ወንድሜ፣ የወሎን መቻቻል ማን ይክዳል። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። እኔ የማወራው «እኔ አልበላም» ስላለ እንግዳ ነው። አብሬ ልብላ ካለ ማን ይከለክለዋል? እንግዳው ሳያውቅ እኔ ከወሰንኩለት ግን ሸወድኩት ማለት ነው።

ዓሣስ በጾም ይሆናል?

አንዱ ቄስ ይሆናል ይላሉ፣ ሌላው አይሆንም። እንግዳህን ጠይቀው። እኔ ጾም ሲሆን ዓሣ አላቀርብም፣ ምስርና ጎመን ይበቃል።

ለሙስሊም እንግዶች ብርዝ ላቀርብ ነው። ቤት ያለው ጋን ግን ጠጅ የተጣለበት ነው። በደንብ ካጠብኩት ችግር አለው?

አትጠቀሚበት። የሚያፈላው እርሾ ስንጥቁ ውስጥ አለ። ማሩን ማታ ከበጠበጥሽ በንጋታው አረፋ አውጥቶ፣ ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያኔ ብርዝ አይደለም፣ ወደ ጠጅ እየሄደ ነው። በአዲስ ባልዲ ወይም በብረት ዕቃ ጠዋት በጥብጪ፣ ምሳ ላይ ጨርሺው። የተረፈውን ለማግስት አታቆዪ። ብርሌም አይሁን፣ ብርጭቆ ይሻላል። ጠጅ የጠጣንበት ነው ብሎ ፊቱን የሚያዞር አለ።

ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝቼ፣ ክርስቲያን ሆኜ ራሴው ብሠራላቸውስ?

እዚህ ላይ ሰው ይለያያል። አንዱ «ሥጋው የኛ ነው» ብሎ ይበላል። ሌላው በማን እጅ እንደተሠራ፣ በየትኛው ዕቃ እንደተሠራ ሳያይ አይቀምስም። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፣ ማንኛው ልክ እንደሆነ አልፈርድም። ካደረግሽው ሥጋውን ከሥጋ ቤቱ እንደታሰረ አምጪው፣ ፍሪጅ ውስጥም ከናንተ ሥጋ ጋር እንዳይነካካ በተከደነ ዕቃ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው። ደሙ የሚንጠባጠበው ከላይ ወደ ታች ነው። እንግዳው ከመቀመጡ በፊትም ንገሪው፦ «ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።» አልበላም ካለ ቅር አይበልሽ፣ ሽሮ በዘይት ጣጂለት።