ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ሲጨምር፦ ፊፎ ወይስ አማካይ? (ከጎንደር ነጋዴዎችና ሒሳብ ሠራተኞች የመጡ ጥያቄዎች)

የአራዳው ቆርቆሮ ነጋዴ፦ ጋሼ፣ 32 ጌጅ ቆርቆሮ ሐምሌ ላይ 400 በ500 ብር ገዛሁ። ጥቅምት 300 በ600፣ መጋቢት 300 በ700። የጭነቱም ወጪ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ቫቱ ግን አልገባም። ሰኔ 30 ስንቆጥር 200 ቀርቷል። ሒሳብ ሠራተኛዬ ፊፎ ይላል፣ ወንድሜ አማካይ ይላል። ልዩነቱ ስንት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ተዘርዝሮ ሲመጣ ደስ ይላል። ሐምሌን በባዶ መጋዘን ጀመርክ ብዬ ላስላው። የገዛኸው 1,000 ቆርቆሮ በ590,000 ብር ነው። በፊፎ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ስለሚወጣ የቀረህ 200 በሙሉ የመጋቢቱ ነው። ዋጋው 140,000 ብር ይሆናል። የተሸጠው 800 ደግሞ 450,000 ብር ወጪ ይይዛል።

የዓመቱን ግዢ አንድ ላይ ደምረህ ብታካፍል አንዱ 590 ብር ይመጣል። ቀሪው 118,000፣ የተሸጠው 472,000 ይሆናል። ስለዚህ በፊፎ ትርፍህ በ22,000 ብር ይበልጣል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆንክ፣ በ30 በመቶ ሲሰላ የግብሩ ልዩነት 6,600 ብር ነው።

ይህ 6,600 ግን ለዘለዓለም የተረፈ ወይም የጠፋ ብር አይደለም። ያ 200 ቆርቆሮ ሐምሌ 1 የአዲሱ ዓመት መክፈቻ ነው። በፊፎ በ140,000 ይከፈታል፣ ሲሸጥም ዘንድሮ ያልያዝከውን ወጪ ከርሞ ትይዘዋለህ። ልዩነቱ የሚመጣው በመክፈቻና በመዝጊያ ላይ ካለው ዕቃ ብቻ ነው። ምን ያህል ሸጥክ የሚለው አይወስነውም። ሁለቱም ቆጠራ ላይ ዕቃ ከሌለህ ፊፎም አማካይም አንድ ቁጥር ይሰጡሃል።

የማራኪዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦ ስለዚህ ዋጋ ሲጨምር አማካይ ሁልጊዜ ግብር ያቀላል ማለት ነው። ደንበኞቼን ሁሉ ወደዚያ እየመከርኩ ነው።

መልስ፦ የትኛው አማካይ? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እባክሽ ልብ በይው። የዓመቱን ግዢ ሰኔ ላይ አንድ ጊዜ ማካፈል አለ። ዕቃ በገባ ቁጥር አዲስ አማካይ ማውጣት አለ። ሁለቱም አማካይ ይባላሉ፣ ቁጥራቸው ግን አይገናኝም።

የአራዳውን ቆርቆሮ በሁለተኛው መንገድ እንየው። ከጥቅምቱ ግዢ በፊት 300 ሸጠ እንበል። 100 በ500 ቀረው፣ 50,000 ብር። ጥቅምት 300 በ600 ሲገባ 400 ቆርቆሮ በ230,000 ሆነ፤ አማካዩ 575። ከዚያ 350 ሸጠ፣ 50 ቀረው፣ 28,750 ብር። መጋቢት 300 በ700 ሲገባ 350 ቆርቆሮ በ238,750 ሆነ። አማካዩ አሁን 682 ብር ከ14 ሳንቲም ነው። እስከ ሰኔ 150 ሲሸጥ የቀረው 200 ዋጋው 136,429 ብር አካባቢ ይሆናል።

ከፊፎው 140,000 ጋር አስተያዪው። 22,000 የነበረው ልዩነት ወደ 3,571 ብር ወረደ። ዕቃውም ሽያጩም ያው ነው፣ የተቀየረው የምታካፍይበት ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃው ቶሎ ቶሎ ተሸጦ ቀሪው ሳሳ ሲል ሌላ ሲገባ፣ በየግዢው የሚሰላው አማካይ ወደ ፊፎ ይጠጋል። መጋዘን ሞልቶ የሚከርም ከሆነ ግን ይርቃል። ስለዚህ "አማካይ ግብር ያቀላል" ብለሽ ከመምከርሽ በፊት ደንበኛው የዕቃ ገቢና ወጪ ካርዱን በየቀኑ ይሞላል ወይስ ሰኔ ላይ ነው የሚሰበስበው ብለሽ ጠይቂ።

የማራኪዋ ሒሳብ ሠራተኛ፦ አብዛኞቹ ሰኔ ላይ ነው ደረሰኝ በፌስታል ይዘው የሚመጡት።

መልስ፦ እንግዲያውስ ለእነሱ የዓመቱ አማካይ ነው የሚሠራው። በየግዢው አማካይ ለማውጣት የሽያጩ ቀን ያስፈልጋል። ፊፎ ግን የመጨረሻዎቹ የግዢ ደረሰኞችና ትክክለኛ ቆጠራ ካሉ ሰኔ ላይም ይሰላል። ዕቃው በገባበት ቀን ይመዝገብ። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ከፒያሳ፦ ጋሼ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ለምን ዕቃ? ስንት ቀርቶህ? ካርድ አለህ? ይህን ሳትነግረኝ መልስ የለኝም።

የመድኃኒት መደብር ባለቤት፦ እኛ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ነው ቀድመን የምናወጣው። ስለዚህ ፊፎ ግዴታችን ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም እመቤቴ። እሱ የመደርደሪያ ሥርዓት ነው፣ መድኃኒት ላይ ግድ ነው፣ እንዳይተዉት። የመጽሐፉ ሒሳብ ግን መደርደሪያውን እንዲከተል አይገደድም። ለእርስዎ ፊፎ ይመቻል፣ የባች ቁጥርና ቀን አስቀድመው ስለሚይዙ ሥራው ግማሹ አልቋል። በአማካይ ቢይዙም ግን ስህተት አይባልም።

የአዘዞው፦ ግብር ቢሮ አማካይ ብቻ ነው የሚቀበለው ተብያለሁ።

የመድኃኒት መደብር ባለቤት፦ እኛ በፊፎ አቅርበን ማንም አልመለሰንም።

የአዘዞው፦ ኦዲት ስላልተደረጋችሁ ነዋ!

የቅዳሜ ገበያው፦ ሁለታችሁም ሰው የነገራችሁን ነው የምታወሩት። አንቀጽ የጠቀሰ የለም።

መልስ፦ ኧረ ተዉ፣ በዚህ ከገባን አንወጣም። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008ን እና ደንቡን ይዛችሁ ፋይላችሁ ያለበት ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኔ የምመልሰው የሒሳብ አያያዙን ነው።

የአዘዞው፦ እሺ። እኔ ሁለት ሱቅ አለኝ፣ አዘዞና አራዳ። ሁለቱም ሲሚንቶና ብረት ነው የሚሸጡት። አንዱን በፊፎ፣ አንዱን በአማካይ ብይዝስ?

መልስ፦ አይሆንም። በዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ መሠረት አንድ ዓይነት ዕቃ ለአንድ ዓይነት ሥራ ከዋለ አንድ ዘዴ ነው የሚይዘው። ቦታው መለያየቱ ምክንያት አይሆንም። ሲሚንቶውን በአማካይ፣ በባህሪው የተለየ ሌላ ዕቃ ካለህ እሱን በፊፎ መያዝ ትችላለህ።

የአራዳው ቆርቆሮ ነጋዴ፦ አምና በዓመቱ አማካይ ነው የዘጋነው። ዘንድሮ ባንክ ብድር ልጠይቅ ነው፣ ወደ ፊፎ ብዞር ትርፌ ያምራል።

መልስ፦ ትርፍ ለማሳመር ዘዴ አይቀየርም። የሚቀየረው አዲሱ ዘዴ ሥራህን በተሻለ የሚያሳይ ከሆነ ነው። ያኔም የአምናውን ሒሳብ በአዲሱ ዘዴ መልሰህ ሠርተህ ጎን ለጎን ማሳየትና ምክንያቱን መጻፍ አለብህ። ባንኩም የሁለት ዓመት ሒሳብ አይቶ "ለምን?" ይልሃል።

ደግሞ በፊፎ የምታየው ትርፍ በሙሉ የሚወጣ ብር አይምሰልህ። በ500 የገዛኸውን በ750 ስትሸጥ መጽሐፉ 250 ትርፍ ይላል። መልሰህ ለመግዛት ግን 700 ትከፍላለህ፣ እጅህ ላይ የሚቀረው 50 ነው። ከዚያም ላይ ግብር አለ። ዋጋ ሲጨምር ፊፎን የመረጠ ሰው ይህን አስልቶ ነው ከካዝናው ማውጣት ያለበት።

ከፒያሳ፦ ታዲያ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ጠይቄሃለሁ፣ መልስልኝ።

የቅዳሜ ገበያው፦ እኔ ዘይት ነው የማከፋፍለው፣ በኮምፒውተር በየግዢው አማካይ ነው የምንይዘው። ግን ሚያዝያ ላይ አማካዩ ከገዛሁበት ከፍተኛ ዋጋ በላይ ሆኖ አገኘሁት። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ጥሩ ዓይን አለህ። አማካይ ከዝቅተኛውና ከከፍተኛው የግዢ ዋጋ መሀል መውደቅ አለበት። ከወጣ ምዝገባው ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፦ መኪናው ማታ ይገባል፣ ጠዋት ይሸጣል፣ የገቢው ወረቀት ግን የሚመዘገበው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በመሀል ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ ሽያጩን በድሮው ዋጋ ያወጣል፣ አዲሱ ሲገባ ያልተያዘው ብር በሙሉ በቀሪዎቹ ጥቂት ካርቶኖች ላይ ይከመራል። የሚያዝያን ካርድ አውጣና ቀሪው ከዜሮ በታች የሆነበትን ቀን ፈልግ። እዚያ ቀን የገባው ዕቃ በትክክለኛ ቀኑ ሲመዘገብ አማካዩ ይመለሳል። ሌላው የሚታየው የጭነት ወጪ ብቻውን ዘግይቶ ገብቶ በቀሪው ላይ ሲወድቅ ነው፣ እሱንም ከግዢው ጋር አያይዘው።

የቅዳሜ ገበያው፦ ሚያዝያ 9 ቀሪው ከዜሮ በታች 40 ካርቶን ይላል። ግን ሰኔ 30 ቆጥረን ልክ ነው የመጣው።

መልስ፦ የካርቶኑ ቁጥር ልክ ይመጣል፣ ብሩ ነው የሚዛባው። ቆጠራ ይህን አያሳይህም። ከሚያዝያ 9 ጀምረህ እንደገና አስላው።