«አሸት አሸት» ወይስ «እሽት እሽት»?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመምህር፤ ስለ እጅ መታጠብ ለሚያስተምር የልጆች ካርቱን ትረካ እየጻፍኩ ነው። ቃሉ ቀላል እንዲሆንና እንዲደጋገም ስለተፈለገ በየእርምጃው «ፈተግ ፈተግ»፣ «አሸት አሸት»፣ «ለቅለቅ ለቅለቅ» እያልኩ ሄድኩ። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ይህ ትእዛዝ አይደለም፤ ‹ታጠብ፣ ታጠቢ› ብለህ በግልጽ ጻፈው» አለችኝ። የማናችን ይሻላል?

መልስ፦ የመረጡት መንገድ ጥሩ ነው፤ የመረጡት ቅርጽ ግን አይደለም። ባልደረባዎ «ትእዛዝ አይደለም» ማለታቸው ልክ ነው፤ ለልጆች ትረካ ግን ጥቅሙ እዚያው ላይ ነው።

የአማርኛ ትእዛዝ የሚታዘዘው ማን እንደሆነ ሳይናገር አያልፍም። «ታጠብ» ሲባል ልጅቷ ከጨዋታው ወጣች፤ «ታጠቢ» ሲባል ልጁ ወጣ። ሁለቱን እያፈራረቁ መጻፍ ደግሞ የሚደጋገመውን ሐረግ ያፈርሰዋል፤ ልጅ አብሮ ማለት የሚችለው ሳይለወጥ የሚመላለሰውን ነውና። «ታጠቡ» ሁሉንም ያቅፋል፤ ነገር ግን ተራኪውን ከውጭ ቆሞ የሚያዝ ያደርገዋል። «እንታጠብ» ከሦስቱም ይሻላል፤ ጾታ አይለይም፣ ተራኪውም አብሮ ይታጠባል። «ፈተግ ፈተግ» ዓይነቱ ሐረግ ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ጾታም ቁጥርም ባለቤትም የለውም። እነዚህን የሚሸከመው ከኋላው የሚመጣው «አድርግ»፣ «አድርጊ» ወይም «እናድርግ» ነው። እሱን ሲተዉት ማንም ልጅ አፉ ላይ የሚያደርገው ባዶ ምት ይቀራል።

ችግሩ ያለው በፊደሎቹ ውስጥ ነው። አማርኛ ከአንድ ግስ ሁለት ዓይነት ቃል ያወጣል። «በሩን ከፈት አደረገው» ስንል በትንሹ ገርበብ አደረገው ማለታችን ነው፤ «ክፍት አደረገው» ስንል ግን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ሰበር አለ» እና «ስብር አለ»፣ «ጠረግ አደረገ» እና «ጥርግ አደረገ» እንዲሁ ናቸው። በእንዲህ ባለ ሦስት ፊደል ቃል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደሎች በግዕዝ ሲሆኑ ድርጊቱ ይቀላል፤ በሳድስ ሲሆኑ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ቀላሉ ቅርጽ ሲደገም ደግሞ ይብሱን ይሳሳል፤ «ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርገህ ና» የተባለ ሰው ማዕዘኑን ይጥረግ ብሎ የሚጠብቅበት የለም።

እንግዲህ «ፈተግ ፈተግ» እና «አሸት አሸት» ለልጁ የሚነግሩት ነካ ነካ አድርገህ ጨርስ ነው። እጅ መታጠብ ላይ ደግሞ መሆን የሌለበት ይኸው ነው። በሳሙና ማሸቱ ቢያንስ 20 ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ቆሻሻውን ከቆዳው የሚያላቅቀው የሳሙናውና የመተሻሸቱ አንድነት እንጂ ውሃው ብቻውን አይደለም። ልጅ የሰዋስው ትምህርት ባይኖረውም የሁለቱን ቅርጾች ልዩነት ከቤተሰቡ ንግግር ይዞታል። ስለዚህ «እሽት እሽት»፣ «ፍትግ ፍትግ»፣ «ልቅልቅ ልቅልቅ» ይበሉ። ጠንካራው ቅርጽ ሲደገም አይሳሳም፤ ድርጊቱ መቀጠሉን ያሳያል።

ይህ ማለት ቀላሉ ቅርጽ ከትረካው ይባረር ማለት አይደለም። ሳሙናው ጥቂት ቢሆን ስለሚበቃ እዚያ «ቀባ ቀባ» በትክክል ቦታው ነው። መጨረሻ ላይ በፎጣ ማበሱም «አበስ አበስ» ቢባል ያምራል፤ ነገር ግን እርጥብ እጅ ከደረቀው ይልቅ ጀርም በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ውጤቱ በጠንካራው ቅርጽ ይነገር፤ «ድርቅ እስኪል፣ አበስ አበስ»። «ድርቅ»ን ብቻውን አያቁሙት፤ ዝናብ የጠፋበትን ዘመን ይመስላል። መለቅለቁ ግን ሳሙናው እስኪወርድ ድረስ ስለሆነ «ለቅለቅ» አይበቃውም።

የእርስዎን ረቂቅ በዚህ መንገድ ብጽፈው እንዲህ ይወጣል፦

ውሃ ይፍሰስ፣ እጅ ይርጠብ።
ውሃ ይቁም፣ ሳሙና ቀባ ቀባ።
መዳፍ ለመዳፍ፣ እሽት እሽት!
የቀኝ እጅ ጀርባ፣ እሽት እሽት!
የግራ እጅ ጀርባ፣ እሽት እሽት!
በጣቶች መሃል፣ እሽት እሽት!
የቀኝ አውራ ጣት፣ እሽት እሽት!
የግራ አውራ ጣት፣ እሽት እሽት!
ጥፍር ጥፍሩን፣ ፍትግ ፍትግ!
ውሃ ይፍሰስ፣ ልቅልቅ ልቅልቅ!
ድርቅ እስኪል፣ አበስ አበስ።
እጃችን ጽድት አለ!

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ልብ ይበሉ። «ይፍሰስ»፣ «ይርጠብ»፣ «ይቁም» የታዘዙት ውሃውና እጁ ናቸው፤ ስለዚህ ልጁን በጾታ የመጥራት ጣጣ እዚህም አልገባም። ከ«መዳፍ ለመዳፍ» እስከ «ፍትግ ፍትግ» ሰባት መስመር ነው። አንዱ መስመር ሳይጣደፍ ቢነበብ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ ልጁ ሳይቆጥር 21 ሰከንድ ያሻል። አንባቢው ከፈጠነ ግን ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ሲቀረጽ ሰዓት ተይዞ ከ20 ሰከንድ በታች ከሆነ የመዳፉን መስመር አንድ ጊዜ ይድገሙት። በእኔ ግምት ከአውራ ጣት ላይ መቀነስ አይገባም፤ ልጆች ሲታጠቡ አዘውትረው የሚዘልሉት እሱንና የጥፍሩን ሥር ነው።

«ፍትግ»ን ለጥፍር ብቻ ያስቀረሁት ቃሉ ሻካራ ስለሆነ ነው። ማሸት ለቆዳ ነው፤ መፈተግ የተጣበቀን ነገር ለማስለቀቅ ነው። በዚያ ላይ ስድስት ጊዜ ከተመላለሰው «እሽት እሽት» በኋላ ድምፁ ሲለወጥ ልጁ ይነቃል።

«ጽድት» የ«ጸዳ» ጠንካራ ቅርጽ ነው። «ጸዳ አለ» ቢሉት ገና ጥቂት ቆሻሻ ቀርቶታል።

ከትረካው ውጭ ገጸ ባሕሪዎቹ ሲነጋገሩ የባልደረባዎ «ታጠብ» እና «ታጠቢ» በሙሉ መብቱ ይገባል፤ እዚያ የሚነገረው ልጅ ማን እንደሆነ በምስሉ ይታያልና። እዚያ ላይ «እጅህን እጠብ» እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ዕቃ፣ ልብስ ወይም የሌላ ሰው ገላ ሲሆን «አጠበ» እንላለን፤ ሰው የራሱን እጅ፣ ፊት ወይም ፀጉር ሲያጸዳ ግን «ታጠበ» ነው። እናት የልጇን እጅ ታጥባለች፤ ልጁ እጁን ይታጠባል። ካርቱኑ ውስጥ እናት ሕፃኑን የምትረዳበት ትዕይንት ካለ ልዩነቱን ሳያብራሩ ሁለቱንም ቃላት ማሰማት ይችላሉ።

ለአንባቢው የሚሰጡት ጽሑፍ ላይ ደግሞ አንድ ምልክት ያድርጉ። በ«ፍትግ» ውስጥ የመጨረሻው «ግ»፣ በ«እሽት» ውስጥ የመጨረሻው «ት» ጠብቆ ይነበባል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ አንባቢው አላልቶ ካለፈው ቃሉ ጉልበቱን ያጣል፤ ከፊደሉ ሥር በእርሳስ አንድ መስመር ማስመር ይበቃል።