«ዳታዬን ይዩልኝ» ከማለት በፊት፦ የምርምር አማካሪ ስለማግኘት ጥያቄና መልስ

መላሿ ቀደም ሲል ጎንደር ያስተማሩ፣ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በጤና ስታቲስቲክስ የሚሠሩ አባላችን ናቸው።

የአዋላጅ ነርስ መምህር፦ ሰላም ዶክተር። ከሆስፒታል የወሊድ ካርዶች ዳታ ሰብስቤ ጽሑፍ ጀምሬያለሁ፤ የሚያይልኝ ሰው ግን የለም። በሊንክድኢን ለብዙ ሰዎች «ሜንተር ቢሆኑኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንድም አልመለሰልኝም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ መልእክትህን የሚያነበው ሰው ስንት ወር እንደምትፈልገው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትደውል፣ ምን ሠርቶ እንዲሰጥህ እንደምትጠብቅ አያውቅም። እኛ አገር ደግሞ «አይመቸኝም» ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሰው ዝም ይልሃል። ንቀት አይምሰልህ፤ ሥራው መጠን የለውምና ፈርቶ ነው።

መጀመሪያ የምትጽፍለትን ሰው ምረጥ። ብዙ ሰው በዘርፉ ስመ ጥር ወደሆነው ፕሮፌሰር ይሄዳል። እኔ ብሆን የጠቀስኳቸውን ጽሑፎች አውጥቼ፣ እንደ እኔው ከካርድ ላይ ዳታ ሰብስቦ ተመሳሳይ ትንተና የሠራውን እፈልጋለሁ። ከዚያ የመጨረሻውን ስም ትቼ የመጀመሪያውን ወይም የሁለተኛውን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ፒኤችዲ ላይ ያለ ወይም በቅርቡ የጨረሰ ነው፤ ዳታውን በገዛ እጁ ያጸዳው፣ የካርዱን ጉድለትም የሚያውቀው እሱ ነው። ኢሜይሉ ጽሑፉ ላይ ከሌለ በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ አይጠፋም።

ቀጥሎ ጥያቄህን አሳንሰው። ያንተን ዳታ ስላላየሁ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የማስቀምጠው፦

«ዶክተር፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚያጋጥም የደም መፍሰስ የጻፉትን አንብቤ ነው የምጽፍልዎት። እኔ 412 ካርዶች አሉኝ፤ ከነዚህ ውስጥ ደም የፈሰሳቸው እናቶች 38 ናቸው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ውስጥ ላስገባቸው ያሰብኳቸው ተለዋዋጮች 11 ናቸው። ሁሉንም ላስገባ ወይስ ልቀንስ? ዝርዝራቸውን በአንድ ገጽ አያይዣለሁ። ሁለት መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል፤ ጊዜ ከሌለዎት ሌላ ሰው ቢጠቁሙኝም አመሰግናለሁ።»

ይህ ለእኔ ቢደርሰኝ ቡናዬን ሳልጨርስ እመልሰዋለሁ። «412ቱን እርሳቸው፤ እዚህ ላይ የሚወስነው 38ቱ ነው። በቆየው ግምታዊ ልማድ ለአንድ ተለዋዋጭ 10 ያህል ክስተት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ብቻ አስገባ፤ ፒ ቫልዩ አይተህ ሳይሆን ከቀደሙ ጥናቶች ተነሥተህ ምረጣቸው» እልሃለሁ። ባለሙያዎች በዚህ በ10 ልማድ ላይ ይከራከራሉ፤ 11ዱን ለ38 ክስተት ማስገባት ግን እንደማያዋጣ አብዛኛው ይስማማል። ልብ በል፤ መልሱን ያስቻለኝ 38 የሚለውን ቁጥር መጻፍህ ነው። «ዳታዬን ይዩልኝ» ብለህ ኤክሴል ብትልክልኝ ያንን ቁጥር ለማግኘት ብቻ አንድ ምሽት ይፈጅብኝ ነበር። አንድ ምሽት ደግሞ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ ዶክተር፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ፕሮፖዛሉን፣ ኤክሴሉን፣ ድራፍቱን በአንድ ጊዜ ቴሌግራም ላይ እልካለሁ። ሰውዬው «ይሄንን ላክ፣ ያንን ላክ» እያለ ከሚደክም ይሻላል።

መልስ፦ መመላለሱን ለመቀነስ ማሰብህ ትክክል ነው። ለዚያም ነው ዝርዝሩ በአንድ ገጽ ይያያዝ ያልኩት። ኤክሴሉ ላይ ግን ቆም በል። የካርድ ቁጥር፣ የእናትየዋ ስም፣ ስልክ፣ ቀበሌ አለበት? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሰጠህ ፕሮቶኮሉ ላይ ለተጻፉት ሰዎች ነው፤ ውጭ አገር ላለ የማይታወቅ ሰው በቴሌግራም እንድታስተላልፍ አልተፈቀደልህም። ጠንቃቃ አማካሪ እንዲህ ያለ ፋይል ሲደርሰው ሳይከፍት ያጠፋዋል፤ ላንተም ያለው ግምት ይወርዳል። «ፕሮፖዛሉና ድራፍቱ አሉኝ፣ ካስፈለገዎት እልካለሁ» ማለት ይበቃል። ዳታውን ማየት ግድ ከሆነ መለያዎቹን አውጥተህ፣ ኮሚቴውን ጠይቀህ ነው።

ከሪያድ፦ እኔ እዚህ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፣ ስፖንሰር የሚሆነኝ ሰው እየፈለግሁ ነው። እርስዎ ይረዱኛል ብዬ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ስፖንሰርና አማካሪ ይለያያሉ፤ በገንዘብ በኩል ልረዳሽ አልችልም። ነገር ግን ካንቺ ጋር ፈረቃ እየሠራች በርቀት ማስተርስ የጨረሰች ነርስ እዚያው ሳትኖር አትቀርም። እሷን «እርጂኝ» ከማለት «ከተመዘገብሽ በኋላ ያልጠበቅሽው ወጪ የቱ ነበር? በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ትምህርቱን እንዴት አደረግሽው?» ብለሽ ጠይቂያት። ለሁለቱም መልስ አላት፤ ሻይ ሰዓት ላይ ያልቃል።

ከባህር ዳር፦ እኔ እንኳን ተሳክቶልኝ አንድ አሜሪካ ያሉ መምህር 20 ደቂቃ ሰጥተውኝ ነበር። «2 ሰዓት» ተባብለን እኔ ማታ 2 ሰዓት ጠበቅኩ፤ እሳቸው አልገቡም። ድጋሚ መጠየቅ አፍሬ ተውኩት።

መልስ፦ አትተወው። ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ምናልባት እሳቸው ባንተ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ገብተው ጠብቀውህ ይሆናል። «2 ሰዓት» ለአንዱ 8:00 PM፣ ለሌላው 2:00 PM ነው፤ የየትኛው ከተማ እንደሆነ ደግሞ ማንም አልተናገረም። በዚያ ላይ እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ እነሱ ይቀይራሉ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ በክረምታቸው በ8። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በሁለቱም ከተማ ጻፍ፦ 8:00 PM Addis Ababa / 1:00 PM Washington። ምርጫም ስጣቸው፤ «መቼ ይመችዎታል?» ሲባሉ ካሌንደር ከፍተው የሚያስቡት እሳቸው ናቸው፤ ሦስት የተለያዩ ሰዓቶች አቅርበህ «አንዱን ይምረጡልኝ» ስትል ያን ሥራ አንተ ሠራህላቸው።

አሁን የምትጽፈው አጭር ነው፦ «በሰዓት አቆጣጠር ተላልፈናል መሰለኝ፣ ይቅርታ። ጥያቄዎቼ እነዚህ ሦስት ናቸው፤ በጽሑፍ ቢመልሱልኝም ይበቃኛል።» ብዙ ጊዜ ከቀጠሮው ይልቅ ይኼኛው ቶሎ መልስ ያገኛል።

መምህሩ በድጋሚ፦ መልስ ካልመጣስ በስንት ቀን ላስታውስ? ቴሌግራም ላይ «ሰላም ዶክተር፣ እንዴት ነዎት» ብዬ ስጽፍ አንብበው ዝም ይሉኛል።

መልስ፦ ሰላምታው ብቻውን ሲመጣ «ደህና ነኝ፣ ምን ልርዳ» ብዬ መመለስ፣ ከዚያ ጥያቄህን መጠበቅ፣ ከዚያ እንደገና መመለስ ሊሆንብኝ ነው። ሰላምታህን አትተው፤ ጥያቄውን ግን እዚያው መልእክት ውስጥ ጨምረው። የድምፅ መልእክትም ለእኔ አይመቸኝም፤ ስብሰባ ላይ ሆኜ መስማት አልችልም፣ የተናገርከውን ቁጥር ፍለጋም ከመጀመሪያው መስማት አለብኝ። ማስታወሻ ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ። ሁለተኛውም ዝም ከተባለ ሌላ ሰው ጋ ሂድ። ሚስኮል በጭራሽ።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ከመልሱ በኋላ ያለውን ነው። መልስ ያገኘ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይልና ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ቆይተህ «ወደ አራት ተለዋዋጭ ቀነስኩት፤ የእናትየዋን ዕድሜ ሳስወጣው ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም፤ አሁን ሠንጠረዡን እየጻፍኩ ነው» ብለህ ብትጽፍልኝ፣ ምንም ሳትጠይቀኝ፣ ቀጣዩን ጥያቄህን በደስታ ነው የምቀበለው። እኔ አሁን በየጊዜው የማማክራቸው ልጆች አንዳቸውም «ሜንተር ይሁኑኝ» ብለውኝ አያውቁም፤ እንዲሁ በአንድ ጥያቄ ጀምረው በዚያው የቀጠሉ ናቸው።

ስም የለሽ፦ ለውለታቸው ስማቸውን ደራሲ ላይ ባስገባላቸውስ? ዲፓርትመንታችን ውስጥ የተለመደ ነው።

መልስ፦ ሁለት መስመር የመለሰልህን ሰው አታስገባ። አብዛኞቹ የሕክምና ጆርናሎች የሚከተሉት የአይሲኤምጄኢ መመሪያ ደራሲ ለመባል አራቱንም መሥፈርት ማሟላት ይጠይቃል፤ በሥራው ላይ ጉልህ አስተዋፅኦ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። ስሙ ያለፈቃዱ ገብቶ ያገኘ ሰው ይቆጣል እንጂ አይደሰትም። ምስጋና ክፍሉ ለዚህ ነው የተሠራው፤ እዚያም ቢሆን ስሙን ከመጻፍህ በፊት ጠይቀው።

ስም የለሽ፦ ዶክተር፣ እርስዎ ሜሪላንድ ሆነው ይቀላል። እኔ የዲፓርትመንት ኃላፊዬን ስም ካላስገባሁ የደብዳቤ ፊርማ አላገኝም።

መልስ፦ እውነትህን ነው፤ ለዚያ ከዚህ ሆኜ የምሰጥህ መፍትሔ የለኝም። የሚቻለው፣ ገና ፕሮፖዛል ላይ ሳለህ ማን ምን እንደሚሠራ በኢሜይል ማስፈር ነው፦ «የእርስዎ ድርሻ ዘዴውን ማረምና ድራፍቱን ማንበብ ይሁን?» ብለህ። አንዳንዱ እውነትም ያነባል፤ ያኔ ስሙ ይገባዋል። የማያነበውን ምን እንደምታደርገው አላውቅም፤ እዚህ ያለፋችሁበት ካላችሁ ብትጽፉለት ደስ ይለኛል።

ተማሪ፦ አንድ ጊዜ ኢሜይል የመለሱልኝን ሰው ሪኮመንዴሽን መጠየቅ ይቻላል? ማመልከቻው አርብ ይዘጋል።

መልስ፦ አይቻልም፤ ስላንተ ምን ብለው ይጽፋሉ? ዲግሪህን ያማከሩህን ጠይቅ፤ ለወደፊቱም አንድ ወር ቀደም ብለህ፣ ሲቪህን፣ የማመልከቻውን ሊንክና አብራችሁ የሠራችሁትን ሦስት ነገር በአጭሩ ጽፈህ። ለአርቡ ግን ዛሬውኑ ደውልላቸው፤ ለዚህ ኢሜይል አይበቃም።