ቀነ ገደብ የመድረስ ዕድል፦ ለፕላኒንግ መሐንዲስ ተፈታኝ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። ካዛንቺስ ቢሮ ያለው አንድ ሥራ ተቋራጭ ለጀማሪ የፕላኒንግ መሐንዲስነት ለፈተና ጠርቶኛል። ቀደም ብለው የተፈተኑ ልጆች በሦስት ግምት የሚሠራ የጊዜ ስሌትና በቀነ ገደቡ የመጨረስ ዕድል እንደሚጠየቅ ነገሩኝ። ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከዚያ በላይ ምን ይጠበቅብኛል?»

ምላሽ፦ ቀመሩን አብዛኛው ተፈታኝ አጥንቶት ስለሚመጣ፣ እርስዎን የሚለይዎት በስሌቱ መጨረሻ የሚገኘው መቶኛ የትኛውን ሥራ እንደሚመለከትና የትኛውን እንደማይመለከት ማስረዳት መቻልዎ ነው። በምሳሌ ላሳይዎት።

ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ያለ ሕንፃ አንድ ወለል ለቢሮ ይታደሳል እንበል። ተከታትለው የሚሠሩት የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዝርጋታ፣ ከዚያ ልስን፣ በመጨረሻም ሴራሚክና ቀለም ናቸው። ፎርማኑ ዝርጋታው ሁሉ ነገር ከተቃና በ5 ቀን፣ እንደ ወትሮው ከሄደ በ8 ቀን፣ ከከፋ ደግሞ በ17 ቀን ያልቃል ይላል። የሚጠበቀው ጊዜ (5 + 4×8 + 17)/6 = 9 ቀን ሲሆን፣ ቫሪያንሱ ((17 − 5)/6)² = 4 ነው። ለልስኑ 6፣ 9 እና 12 ቀን ስለተገመተ የሚጠበቀው 9 ቀን፣ ቫሪያንሱ 1 ይሆናል፤ ለሴራሚክና ቀለሙ 4፣ 7 እና 16 ቀን ስለተገመተ የሚጠበቀው 8 ቀን፣ ቫሪያንሱ 4 ይሆናል። የሦስቱ ተከታታይ ሥራዎች መስመር የሚጠበቅ ርዝመት 26 ቀን፣ የቫሪያንሶቹ ድምር 9፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም የ9 ስኩዌር ሩት ማለትም 3 ቀን ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ የየሥራውን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 2፣ 1 እና 2 ደምረው 5 ይላሉ፤ የሚደመረው ግን ቫሪያንሱ እንጂ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ አይደለም።

ባለቤቱ በ29 ቀን ይጠናቀቅልኝ ካለ Z = (29 − 26)/3 = 1 ይሆናል፤ የኖርማል ስርጭት ሰንጠረዡም 84 በመቶ ይሰጣል። በኤክሴል ከሆነ =NORM.S.DIST(1,TRUE) ብለው ያገኙታል። «እንደ ወትሮው» የተባሉትን 8፣ 9 እና 7 ብቻ የደመረ ሰው ግን ለባለቤቱ 24 ቀን ብሎ ቃል ይገባል። ያ Z = −0.67 ስለሆነ የመሳካት ዕድሉ 25 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ሥራዎች ሁለቱ ከመፍጠን ይልቅ ወደ መዘግየት ያደላሉ። በእኔ እምነት ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ ተፈታኝ ቀመሩን ብቻ ከጻፈው ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። 84 በመቶ የዚያ አንድ መስመር ዕድል እንጂ የጠቅላላው ፕሮጀክት ዕድል አይደለም። ከዝርጋታው ጎን ለጎን የአሉሚኒየም ክፍልፋዮች ታዘው፣ ተሠርተውና ተጓጉዘው የሚገጠሙበት ሌላ መስመር አለ እንበል፤ ግምቱም 14፣ 23 እና 38 ቀን ነው። የሚጠበቀው 24 ቀን ስለሆነ ከ26 ያንሳል፤ ስለዚህ የፕሮጀክቱን ርዝመት የሚወስነው ረጅሙ መስመር፣ ማለትም ክሪቲካል ፓዝ፣ አይባልም፣ ብዙዎችም ይተዉታል። ነገር ግን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4 ቀን ነው፤ በ29 ቀን የማለቅ ዕድሉም 89 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሥራው ተጠናቀቀ የሚባለው ሁለቱም መስመሮች ሲያልቁ ስለሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው 0.84 × 0.89 ይባዛል፤ ዕድሉም ወደ 75 በመቶ ይወርዳል። ለክሪቲካል ፓዝ የቀረበና ግምቱ የተራራቀ መስመር ባዩ ቁጥር የመጀመሪያው መቶኛ ከእውነቱ በላይ ብሩህ መሆኑን ማወቅ ነው፤ እንዲህ ያሉ መስመሮች ሲበዙ በኮምፒውተር በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገሙ ማስላት፣ ማለትም የሞንቴ ካርሎ ስሌት፣ ይሻላል።

ሌላው ስሌቱ የሚቆምበት መሠረት በአንድ መስመር ያሉት ሥራዎች አንዱ ሲዘገይ ሌላው አብሮት የማይዘገይ መሆናቸው ነው። በእኛ ሳይት ግን የመብራት መቆራረጥ ወይም የክፍያ መዘግየት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይይዛል። ሦስቱ ሥራዎች ፍጹም አብረው የሚዘገዩ ቢሆኑ፣ ቀድሞ ስሕተት ያልነው 5 ቀን ትክክለኛው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሆናል፤ በ29 ቀን የመጨረስ ዕድሉም ከ84 ወደ 73 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ፈታኙ ጥያቄውን ገልብጦ «90 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን ስንት ቀን ልጠይቅ?» ሊልዎት ይችላል። ለመጀመሪያው መስመር 26 + 1.28×3 ስለሆነ 30 ቀን ገደማ ነው። ለአሉሚኒየሙ ግን 24 + 1.28×4 ስለሚሆን 29 ቀን ይደርሳል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለ90 በመቶ ለማድረስ ደግሞ ከ30 በላይ፣ ወደ 31 ቀን፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።